ሰባት ገጽ ጽሑፌን ወደ ስላይድ ሳሳጥር ሐሳቡ እየጠፋብኝ ነው

ሰሊ_ታሪክ

ሰላም ለዚህ ቤት። የሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነኝ። ስለ ድሬዳዋ አመሠራረት ሰባት ገጽ ጽፌ ነበር። መምህሩ ወደደውና በ15 ደቂቃ በስላይድ አቅርቢው አለኝ። መመሪያው «አንድ ስላይድ፣ አንድ ሐሳብ፣ አጫጭር ነጥቦች» ይላል። ሌላ ነገር የለውም።

እኔም አንቀጾቹን አንድ በአንድ እየወሰድኩ ማሳጠር ጀመርኩ። 31 ስላይድ ወጣኝ። ለጓደኛዬ ሳሳያት አራተኛው ላይ አስቆመችኝና «ባቡሩ ሐረር ገብቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ጽሑፌ የሚለው ግን አልገባም ነው! ስላይዱን መልሼ ሳየው «ባቡሩ ወደ ሐረር፣ ተራራ፣ ከፍተኛ ወጪ» ብዬ ነው የጻፍኩት። እውነቷን ነው፣ እንደዚያ ይነበባል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ አንቀጽ ይኼ ነው። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፦

> ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት ሲጀምር የታሰበው በሐረር በኩል እንዲያልፍ ቢሆንም፣ ከተማዋ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗና ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወስኖ በ1902 መጨረሻ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ፤ ይህም ቀድሞ ከሐረር ወደ ዘይላ በግመል ይወርድ የነበረውን ንግድ ቀስ በቀስ አቅጣጫ ያስቀየረ ሲሆን፣ ኩባንያው በገንዘብ እጥረት ሥራውን ለዓመታት በማቋረጡ ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ ሆና በመቆየቷ ነጋዴው፣ ጉምሩኩና መጋዘኑ እዚያው ሰፈሩ።

ይኼ ስንት ስላይድ ነው? እንዴትስ ነው የሚታወቀው?

ቢኒ_ግራፊክስ

ሰሊ፣ ብዙ አትጨነቂ። ጥሩ ቴምፕሌት ካለሽ ግማሹ ሥራ አለቀ። ጥቁር ሰማያዊ ጀርባ፣ ነጭ ጽሑፍ አድርጊ፣ በጎን በኩል የድሮ የባቡር ጣቢያ ፎቶ። ከፈለግሽ የሠራሁትን እልክልሻለሁ።

ሰሊ_ታሪክ

አመሰግናለሁ ቢኒ፣ ላክልኝ፣ በኋላ እጠቀምበታለሁ። አሁን የቸገረኝ ግን መልኩ አይደለም። ምን እንደምጽፍበት ነው።

ናቲ_ኤምቢኤ

እኛ መሥሪያ ቤት የምንሠራበት ሕግ ቀላል ነው። አንድ አንቀጽ አንድ ስላይድ ነው። አንቀጽ ማለት ራሱ አንድ ሐሳብ ስለሆነ ሌላ መለያ አያስፈልግሽም። በየስላይዱ ከስድስት መስመር አትለፊ፣ በየመስመሩ ደግሞ ከስድስት ቃል። ያንቺን አንቀጽ በዚህ ከቆረጥሽው አንድ ስላይድ ይበቃዋል።

የድሮ_መምህር

ልጄ ሰሊ፣ ጂኦግራፊ ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። መጀመሪያ በሰሌዳ፣ በኋላ በስላይድ። የምነግርሽ ከዚያ ያገኘሁትን ነው።

ናቲ መስመሩ ይጠር ማለቱ ልክ ነው። አንቀጽ ማለት አንድ ሐሳብ ነው ያለው ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በደንብ የተጻፈ አንቀጽ እንደዚያ ሊሆን ይገባዋል። የታጨቀ ጽሑፍ የታጨቀ የሚባለው ግን አንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስት አራት ሐሳብ ስላለ ነው። ያንቺ አንቀጽ ደግሞ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም።

ፓወርፖይንቱን ለጊዜው ዝጊው። ጽሑፍሽን አትሚውና እርሳስ ያዢ። በየአንቀጹ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ አንቀጹ የሚለውን ነገር በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «ስለ ሐረር» ብለሽ አትለፊው፤ «ስለ» ካልሽ ገና ምንም አላልሽም። «ሐዲዱ ሐረር አልወጣም» ነው የሚባለው። ግስ ይኑረው። አንድ ሰው «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ሊሞግትሽ የሚችልበት ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት።

ያንቺን አንቀጽ እንደዚህ ሳነበው አራት አገኘሁ።

አንደኛ፣ ሐዲዱ ሐረር አልወጣም።
ሁለተኛ፣ ንግዱ አቅጣጫ ቀየረ።
ሦስተኛ፣ ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ።
አራተኛ፣ የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ።

ስለዚህ አራት ስላይድ ነው። ሌላ አንቀጽ ስታነቢ ደግሞ ኅዳጉ ላይ የምትጽፊው ታጫለሽ። «ከላይ እንደተመለከትነው» እያለ ወደሚቀጥለው የሚያሻግር ብቻ ሆኖ ታገኚዋለሽ። እሱ ስላይድ የለውም፤ በአፍሽ ትይዋለሽ። ሁለት አንቀጽ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። ያኔ አንድ ላይ ይገባሉ። 31 የወጣልሽ አንቀጽና ምሳሌውን ሁሉ ስለቆጠርሽ ይመስለኛል።

ኅዳጉ ላይ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር የስላይዱ ርዕስ ይሆናል። «መግቢያ»፣ «የባቡሩ ታሪክ»፣ «ተግዳሮቶች» የሚሉ ርዕሶችን ተያቸው። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ማይክል አሌይም መሐንዲሶችን ሲመክር ርዕሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን ነው የሚለው። እሱ እንዲያውም ከሥር በነጥብ ፋንታ ሥዕል ወይም ካርታ እንዲሆን ይፈልጋል። ያንቺ መምህር ነጥብ ስለፈለገ ነጥብ አድርጊ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ካነበብኩት ሁሉ የገረመኝ የመጨረሻው ሐረግ ነው። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት የባቡሩ መምጣት ብቻ ሳይሆን መቆሙም ነው እያልሽ ነው። ይኼ ያንቺ ሐሳብ ነው፣ ያውም ትልቅ። ጽሑፉ ውስጥ ግን «በመቆየቷ» በሚል አንድ ቃል ጀርባ ተደብቋል። ስላይድ ስትሠሪ እንዲህ ያለውን ነው ከተደበቀበት የምታወጪው።

ሰሊ_ታሪክ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቁጭ ብዬ በእርሳስ ሠራሁት። 14 አንቀጽ ነበረ፣ 11 ዓረፍተ ነገር ወጣው። ያ አንቀጽ ብቻ አራቱን ወሰደ። ሦስት አንቀጾች ምንም አልወጣቸውም፤ አንዱ ሁለት ቀን የፈጀብኝ መግቢያ ነው!

ሦስተኛውንና አራተኛውን ግን አንድ ላይ ማድረግ አማረኝ፣ ስለሚያያዙ። እንዲህ አደረግኩት፦

```
ድሬዳዋ ከተማ ሆነች
- ሐዲዱ በ1902 ደረሰ
- የኩባንያው ገንዘብ አለቀ
- ሥራው ለዓመታት ቆመ
- ጉምሩክና መጋዘን ሰፈረ
```

አጭር ነው፣ ግልጽም ይመስለኛል። ይኼ ያስኬዳል?

የድሮ_መምህር

ነጥቦቹ አጭር ናቸው፤ ግን አንድ ነገር ጠፍቷል። ጽሑፍሽ ላይ «በማቋረጡ»፣ «በመቆየቷ» የሚሉ ቃላት ነበሩ። ምክንያቱን የያዙት እነሱ ነበሩ። ነጥብ ስታደርጊው ሄዱ። አሁን አራቱ ነገሮች እኩል ሆነው እንደ ገበያ ዝርዝር ተደርድረዋል። ተመልካቹ ገንዘቡ ማለቁ ከተማዋን እንደጎዳት ሊያነበው ይችላል። አንቺ የምትይው ግን ገንዘቡ ባለቀበት ቦታ ከተማ በቀለ ነው።

እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። ነጥቦቹን ቅደም ተከተላቸውን አበላልጬ አነባቸዋለሁ። ትርጉሙ ካልተነካ እውነትም ዝርዝር ናቸው፤ አንድ ርዕስ ሥር ይቀመጡ። ከተበላሸ ግን በመካከላቸው «ስለዚህ» የሚል የተደበቀ ቃል አለ ማለት ነው። «ስለዚህ» ያለበት ቦታ ላይ ስላይዱን ቁረጪው። ከዚያ አንዱ ርዕስ ሌላውን ይጎትተዋል፦

```
ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ
- 1902፦ ሐዲዱ ደረሰ
- የኩባንያው ገንዘብ አለቀ
- 1917፦ አዲስ አበባ ገባ

የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ
- ጭነት የሚራገፈው እዚያ
- ጉምሩክ፣ መጋዘን
- ነጋዴው ወደ ጣቢያው መጣ
```

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ነጥቦች ተመልከቻቸው። ርዕሱ ቆመ ይላል፤ ነጥቦቹ ሐዲዱ መቼ እንደደረሰ፣ ለምን እንደቆመና አዲስ አበባ እስኪገባ ምን ያህል እንደዘገየ ያሳያሉ። ለርዕሱ ይመሰክሩለታል እንጂ አዲስ ወሬ አያመጡም። አንድ ነጥብ አዲስ ወሬ ካመጣ ወይ የራሱ ስላይድ ይገባዋል፣ ወይ ይወጣል።

ሀና_ሰብታይትል

እኔ የፊልም የግርጌ ጽሑፍ በአማርኛ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማሳጠር ነው ሥራዬ። ስለዚህ ስለዚያች አራተኛዋ ስላይድ አንድ ነገር ልበል።

ሰሊ፣ ያሳሳተሽ የአማርኛ አቀማመጥ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አሉታውም እዚያው ግሱ ላይ ነው ያለው። ሰው ሲያሳጥር ደግሞ ከኋላ ነው የሚቆርጠው። «ሐዲዱ ወደ ሐረር አልወጣም» ከሚለው የመጨረሻውን ቃል ስትቆርጪ «ሐዲዱ ወደ ሐረር» ቀረ። «አል...ም» አብራ ሄደች። ጓደኛሽ ያነበበችው የቀረውን ነው።

ስለዚህ እኔ ከፊትና ከመሀል ነው የምቆርጠው። «በመሆኑና»፣ «ሆኖ በመገኘቱ»፣ «ከመሆኑም ባሻገር» የሚሉት መጀመሪያ ይሄዳሉ። «ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ» የሚለው «ወጪው ከበደ» ይሆናል። ሁለት ቃል። አሉታ ያለበትን ግስ ግን ፈጽሞ አልነካም። ግሱ «ነው» ወይም «ነበር» ከሆነ ብቻ ያለ ሐሳብ አወጣዋለሁ። «ጭነት የሚራገፈው እዚያ» ላይ «ነበር» ባይኖርም ማንም አይሳሳትም።

ናቲ ያለውን የስድስት ቃል ሕግም በአማርኛ አልቆጥርበትም። «ስላላስወጣቸው» አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ምክንያት አለ፣ አሉታ አለ፣ ማን ማንን የሚለውም አለ። እንደዚያ ያሉ ስድስት ቃላት አንድ መስመር ላይ ብታደርጊ ማንም በአንድ እይታ አያነበውም። እኔ መስመሩ ሳይታጠፍ ካለቀ በቂ ነው እላለሁ።

ናቲ_ኤምቢኤ

ሀና፣ የቃሉን ነገር እንደዚያ አስቤው አላውቅም። ልክ ነሽ፣ እኛ አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ነው የምንሠራው። የመስመሩን ቁጥር ግን አልተውም። ከአራት አምስት መስመር ሲያልፍ ሰው ማንበብ ይጀምርና ተናጋሪውን ይረሳዋል።

ማስተርስ_ላይ_ነኝ

እኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም። ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ እንዲህ አሳጥሬ ሄድኩ። ከፈታኞቹ አንዱ «ስላይድህ ላይ ምንም የለም፣ ዘዴህ የት አለ?» አሉኝ። በአፌ እየነገርኳቸው ነው! ግን የተጻፈ ነገር ነው የፈለጉት። በዚያ ላይ ስላይዱ በቴሌግራም ግሩፕ ይላካል። ያልመጣ ሰው «የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ» የሚለውን ብቻ ሲያይ ምን ይረዳል? ስላይድ ለብቻው ሲነበብ ትርጉም ሊሰጥ ይገባል።

የድሮ_መምህር

ወንድሜ፣ ያጋጠመህን እረዳለሁ። እኔ ግን የሚነበበውና የሚታየው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው እላለሁ። ሰሊ የሚነበብ ነገር አላት፤ ሰባት ገጹ ነው። እሱን አብራ ትላከው። ከስላይዱ የወጣውን ዝርዝር ደግሞ ከታች `Notes` የሚለው ቦታ ላይ ትጻፈው። ለፈታኞች ሲሆን ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ ተጨማሪ ስላይዶች ይቀመጣሉ። ዘዴው፣ ሰንጠረዡ እዚያ ይገባል። ጥያቄ ሲመጣ ወደዚያ ትሄዳለህ።

ማስተርስ_ላይ_ነኝ

ተጨማሪ ስላይዱን እቀበላለሁ፤ ያኔ ባውቀው ይጠቅመኝ ነበር። ኖቱን ግን አይደለም። በስልክ ስላይድ ከፍቶ ኖት የሚያነብ ሰው አላየሁም። ሰባት ገጽ የሚከፍት ደግሞ ይበልጥ የለም። በእኔ ቤት ይኼ ገና መልስ አላገኘም።

የከዚራ_ልጅ

ስለ ድሬ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም። አያቴ ባቡር ጥገና ነው የሠሩት፤ እኛም ያደግነው ከዚራ ውስጥ፣ ከጣቢያው ጎን ነው። ሰሊ፣ መጀመሪያ ላይ ስሟ «አዲስ ሐረር» ይባል እንደነበር አስገቢው፤ ለሐዲዱ ሐረር አለመውጣት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። የባቡር ጥገናውንም አትርሺ። መጋዘንና ጉምሩክ ብቻ ካልሽ የሠራተኛው ሰፈር ይቀራል።

አንድ ቅሬታም አለኝ። «ንግዱ አቅጣጫ ቀየረ» የሚለው ርዕስ ሐረር በአንድ ቀን ባዶ የቀረች ያስመስላል። እንደዚያ አልነበረም። የሐረር ቡና የሐረር ቡና እንደሆነ ነው የቀጠለው። ወደ ድሬ እየወረደ ነው ባቡር ላይ ይጫን የነበረው። ጽሑፍሽ «ቀስ በቀስ» ይል ነበር። የት ሄደ?

ሰሊ_ታሪክ

ወይኔ፣ እውነት ነው! «ቀስ በቀስ» የሚለውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማሳመሪያ መስሎኝ ነበር። «አዲስ ሐረር»ን አስገብቼዋለሁ፤ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ሀና_ሰብታይትል

ይኼ እኔንም ሁልጊዜ የሚያጋጥመኝ ነው። «ቀስ በቀስ»፣ «ገደማ»፣ «በአብዛኛው»፣ «ይመስላል» የሚሉት ቃላት ትንንሽ ስለሆኑ መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ሲወጡ ግን የጠረጠርሽው ነገር ያረጋገጥሽው ይሆናል። እኔ ቃሉን መልሼ ከማስገባት ግሱን እቀይራለሁ። «ንግዱ በድሬዳዋ በኩል መውጣት ጀመረ» ብትዪስ? «ጀመረ» ውስጥ ቀስ በቀስነቱ አለ፤ ተጨማሪ መስመርም አይወስድም።

የከዚራ_ልጅ

«ጀመረ» ጥሩ ነው። አሁን ሐረርም ቦታዋ ላይ ናት።

የድሮ_መምህር

ሀና የጠቆመችው ይሻላል፣ እኔ ከጻፍኩትም ይበልጣል። ቅደም ተከተሉን ግን እንደገና እይው ሰሊ። ንግዱ የዞረው ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እኔ ከጽሑፍሽ ተከትዬ ሁለተኛ አድርጌው ነበር። ከ«የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ» በኋላ ብታደርጊውስ? ርዕሶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች ለሰው አንብቢና ሞክሪው፤ ነጥቦቹን ሳታነቢ። ሰሚው ሁለት ርዕስ መካከል ላይ «እንዴት?» ብሎ ካስቆመሽ እዚያ ጋ ወይ ስላይድ ጎድሏል፣ ወይ ቦታው ተሳስቷል።

ሰሊ_ታሪክ

ትናንት ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። እናቴ ስለ ባቡር ብዙም አታውቅም፤ ለዚህ ነው እሷን የመረጥኳት። የመሀሉ ክፍል እንዲህ ነው የሆነው፦

```
ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር
ሐዲዱ ሐረር አልወጣም
በተራራው ግርጌ «አዲስ ሐረር» ተመሠረተች
ሥራው እዚያው ለዓመታት ቆመ
የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ
ንግዱ በድሬዳዋ በኩል መውጣት ጀመረ
```

እናቴ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አስቆመችኝ። «አልወጣም» ስላት «ለምን?» አለች። እሱ በነጥቦቹ ውስጥ አለ። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ፣ ወጪው ከበደ። የመጀመሪያው ርዕስ አዲስ ነው፤ እሱ ከሌለ «አልወጣም» የሚለው ከየት እንደመጣ አይገባም። በአጠቃላይ 12 ሆነ።

አሁን ይኼን ሁሉ ወርድ ላይ ነው የጻፍኩት። ወደ ፓወርፖይንት አንድ በአንድ ልቅዳው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ናቲ_ኤምቢኤ

አትቅጂ! ይኼንን እኔ በየሳምንቱ ነው የማደርገው። ወርድ ላይ ርዕሶቹን በሙሉ `Heading 1` አድርጊያቸው። ነጥቦቹን `Heading 2`። አስቀምጪና ወርዱን ዝጊው፤ ክፍት ከሆነ አልነበብ ሊልሽ ይችላል። ከዚያ ፓወርፖይንት ላይ፦

```
Home > New Slide > Slides from Outline
```

ፋይሉን ስትመርጪ እያንዳንዱ `Heading 1` አንድ ስላይድ ሆኖ ይመጣል። ተጠንቀቂ፣ `Normal` ሆኖ የቀረ መስመር ወደ ስላይዱ አይገባም። ነጥብ ከጎደለብሽ መጀመሪያ እሱን ተመልከቺ። ከወርድ የመጣው ፊደልና ቀለም ካስቸገረሽ ስላይዶቹን መርጠሽ `Reset` በዪው።

ቢኒ_ግራፊክስ

ከዚያ ላይ ቴምፕሌቱን ታለብሺዋለሽ፣ ልኬልሻለሁ። የማቅረቢያው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፊደሉ ላይኖር ስለሚችል በፒዲኤፍም ያዢ። ያኔ መስመሮቹ እንዳሳጠርሻቸው ይቀመጣሉ፤ ፊደሉ ከተቀየረ ግን ስፋቱም ይቀየርና አንድ መስመር የነበረው ሁለት ይሆናል።

ሰሊ_ታሪክ

ናቲ፣ ሠራ! 12ቱም ገቡ። ሁለት ነጥብ ጎድሎብኝ ነበር፣ እውነትም `Normal` ሆነው ነው።

ዛሬ ሰዓት ይዤ ተለማመድኩ። 17 ደቂቃ ፈጀብኝ። የሚጎተትብኝ «በተራራው ግርጌ አዲስ ሐረር ተመሠረተች» የሚለው ላይ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ቆምኩበት። ነጥቦቹን አበላልጬ ሳነብ ምንም አልተነካም፣ ስለዚህ «ስለዚህ» የለበትም። ሁለት ደቂቃ ግን ከየት እንደምቀንስ አልገባኝም። ያንን ስላይድ ላውጣው? የከዚራው ልጅ እንዳይቆጣኝ!

የከዚራ_ልጅ

ስሙን ብቻ ወደ «አልወጣም» ስላይድ ነጥብ አድርገሽ አውርጂው፣ ሌላውን በአፍሽ ንገሪያቸው። ስሙ ካለ አልቆጣም።

የድሮ_መምህር

ስሙ ለ«አልወጣም» የሚመሰክር ከሆነ ቦታው እዚያ ነው። እኔ ግን ከማውጣትሽ በፊት ርዕሶቹን ያለሱ አንዴ ለእናትሽ አንብቢላት እላለሁ። ከ«አልወጣም» ወደ «ሥራው እዚያው ቆመ» ስትሻገሪ «እዚያው የት?» ካለችሽ መልሺው።